ከጠቅላላ ክፍያ እስከ እጅ የሚገባው ብር፦ የአንድ ወር ፔሮል በመስመር በመስመር

የደመወዝ መክፈያ ሊስት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ክፍል እንደሚጠራው ፔሮል፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ ረጅም መስመር ነው። በግራው ጫፍ የሠራተኛው ስምና መደበኛ ደመወዙ፣ በቀኙ ጫፍ ተጣርቶ የሚከፈለው ብርና የፊርማ ቦታ አለ። በመካከል ያሉት ዓምዶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ መጀመሪያ የሚደመሩት ይመጣሉ፣ ቀጥለው የሚቀነሱት ይከተላሉ። ብዙ ሠራተኛ የሚያየው የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ ነው። ስሕተት የሚፈጠረው ግን ሁልጊዜ በመካከለኞቹ ዓምዶች ውስጥ ነው። ከእነዚህም ስሕተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ነገር ይመነጫሉ፤ የጡረታ መዋጮና የገቢ ግብር የሚሰሉት ከአንድ ገንዘብ ላይ ሳይሆን ከተለያዩ መነሻዎች ላይ መሆኑ ሲዘነጋ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንዲት ሠራተኛ ትታሰብ። በአዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት መጋዘን ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት የተቀጠረች ናት። መደበኛ ደመወዟ 12,480 ብር ነው። በየወሩ 2,000 ብር የቤት አበልና 1,500 ብር የመጓጓዣ አበል ታገኛለች። በያዝነው ወር ደግሞ ንብረት ቆጠራ ስለነበረ በመደበኛ የሥራ ቀናት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ በጠቅላላው 8 ሰዓት አምሽታ ሠርታለች። የሠራተኛ ማኅበር አባል ናት፤ በድርጅቱ የቁጠባና ብድር ማኅበርም ትቆጥባለች፣ ከዚያው ማኅበር የወሰደችውን ብድርም እየመለሰች ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የትርፍ ሰዓቱን ወደ ብር መለወጥ ነው። ለዚህ የአንድ ሰዓት ደመወዝ መታወቅ አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ዓመቱ 52 ሳምንት ስላለው 48 በ52 ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይሆናል። 12,480 ብር ለ208 ሲካፈል የሠራተኛዋ የአንድ ሰዓት ክፍያ 60 ብር ነው። ሳምንታዊው ሰዓት ከ48 ያነሰ በሆነበት መሥሪያ ቤት አካፋዩም ያንሳል፤ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ድርጅት በ208 ካካፈለ የሠራተኛውን ሰዓት አርክሶ ቆጥሯል ማለት ነው።

አዋጁ የትርፍ ሰዓትን ዋጋ እንደ ጊዜው ይለያያል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራው በአንድ ከሦስት ሩብ ተባዝቶ ይከፈላል። በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የመጋዘን ሠራተኛዋ ያመሸችው እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ስለሆነ የመጀመሪያው ምጣኔ ይመለከታታል፤ 60 ብር በ1.5 ተባዝቶ 90 ብር፣ 90 ብር በ8 ሰዓት ተባዝቶ 720 ብር ይሆናል።

አሁን የሚደመሩት ዓምዶች ሞልተዋል።

መደበኛ ደመወዝ፦ 12,480.00
የቤት አበል፦ 2,000.00
የመጓጓዣ አበል፦ 1,500.00
የትርፍ ሰዓት ክፍያ፦ 720.00
ጠቅላላ ክፍያ፦ 16,700.00

ይህ 16,700 ብር ያልተጣራ ክፍያ የሚባለው ነው። ከዚህ በኋላ ግን እንዳለ ተወስዶ አይባዛም። ጡረታው ከእርሱ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ይፈልጋል፤ ግብሩ ደግሞ ሌላ ክፍል ያስቀርለታል።

የጡረታ መዋጮ የሚሰላው ከመደበኛው የወር ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 1268/2014፣ የመንግሥት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ይተዳደራሉ። በሁለቱም ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ለመከላከያና ለፖሊስ አባላት የአሠሪው ድርሻ ከዚህ ከፍ ያለ ነው፤ የአባሉ ድርሻ ግን ያው 7 በመቶ ነው። የቤት አበል፣ የመጓጓዣ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ከሠራተኛዋ የሚቀነሰው የ12,480 ብር 7 በመቶ፣ ማለትም 873 ብር ከ60 ሳንቲም ነው። ድርጅቱ በበኩሉ ከራሱ ካዝና 1,372 ብር ከ80 ሳንቲም ይጨምራል። በእርሷ የጡረታ ቁጥር በየወሩ የሚገባው የሁለቱ ድምር 2,246 ብር ከ40 ሳንቲም ነው።

የአሠሪው 11 በመቶ በፔሮሉ ላይ መጻፉ አንዳንድ ሰው ያደናግራል። ዓምዱ የተቀመጠው ድርጅቱ ስንት እንደሚያስተላልፍ ለማሳየት እንጂ ከሠራተኛው ላይ ለመቀነስ አይደለም። የተጣራው ክፍያ ሲሰላ ይህ ቁጥር ከተቀነሰ፣ ወይም በክፍያ ወረቀቱ ላይ ለጡረታ 18 በመቶ ተቀንሶ ከታየ፣ ሠራተኛው የአሠሪውን ዕዳ እየከፈለ ነው።

መነሻው መደበኛ ደመወዝ መሆኑ ሌላም ውጤት አለው፤ እርሱም ወዲያው የማይታይ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ደመወዙን ዝቅ አድርገው አበሉን ከፍ ያደርጋሉ። በወሩ መጨረሻ ለሠራተኛው ጥሩ ይመስላል፤ የሚቀነስበት ጡረታ ትንሽ ነውና። ነገር ግን በጡረታ ዘመን የሚከፈለው አበል የሚሰላው በዚያው መደበኛ ደመወዝ አማካይ ላይ ነው። 8,000 ብር ደመወዝና 8,000 ብር አበል የሚቀበል ሰው፣ 16,000 ብር ሙሉ ደመወዝ ከሚቀበለው ጋር ሲነጻጸር አሁን በየወሩ 560 ብር ያነሰ ያዋጣል፤ በእርሱ ስም የሚገባው የአሠሪው መዋጮ ግን በ880 ብር ይቀንሳል፣ ወደፊት የሚያገኘው ጡረታም የሚቆጠረው ከ8,000 ብር ላይ ነው። የቅጥር ደብዳቤ ሲፈረም ጠቅላላው ብር ብቻ ሳይሆን በደመወዝና በአበል መካከል እንዴት እንደተከፈለ መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

ወደ ግብሩ ስንመጣ መነሻው ይለወጣል። ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብር፣ በተለምዶ የሥራ ግብር፣ የሚሰላው ከመደበኛ ደመወዝ ላይ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ከሚያገኘው ክፍያ ሁሉ ላይ ነው። የቤት አበል ይገባል፤ የትርፍ ሰዓትም ይገባል። ከግብር ነፃ ተብሎ በሕግ ወይም በመመሪያ ካልተለየ በቀር ማንኛውም ጥሬ ገንዘብ ይገባል። ነፃ ከተደረጉት ውስጥ በብዙ ፔሮል ላይ የሚገኘው የመጓጓዣ አበል ነው። እርሱም ያለ ገደብ ነፃ አይደለም፤ ከደመወዙ ሩብ እንዳይበልጥ፣ በዚያም ላይ በብር 2,200 ጣሪያ እንዳያልፍ ተወስኗል። የሠራተኛዋ ደመወዝ ሩብ 3,120 ብር ነው፣ ጣሪያው 2,200 ብር ነው፣ የምታገኘው 1,500 ብር ነው፤ ስለዚህ አበሉ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። 3,000 ብር ቢሆን ኖሮ 2,200ው ነፃ ሆኖ የተረፈው 800 ብር ግብር ይከፈልበት ነበር። እንዲህ ያሉ ጣሪያዎች በመመሪያ የሚወሰኑና በመመሪያ የሚለወጡ ስለሆኑ የሒሳብ ሠራተኛ በጥቅም ላይ ያለውን መመሪያ ከእጁ ማራቅ የለበትም።

ከ16,700 ብር ላይ 1,500 ሲወጣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 15,200 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ የጡረታ መዋጮው 873 ብር ከ60 ሳንቲም ለምን ግብሩ ከመሰላቱ በፊት አይቀነስም? ሠራተኛው ያልተቀበለውን ገንዘብ ለምን ግብር ይከፍልበታል? በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በጎረቤት ኬንያ፣ መዋጮው አስቀድሞ ይወጣል። በኢትዮጵያ ግን የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ ወጪ እንዲቀነስ አይፈቅድም፤ የሠራተኛው 7 በመቶም ግብሩ ከተሰላ በኋላ እንጂ በፊት አይነሳም። ከግብር ነፃ የተደረገው የአሠሪው መዋጮ ነው፤ እርሱም ከሠራተኛው የወር ገቢ 15 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በሠራተኛው ገቢ ላይ አይደመርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሕጉ በያዘው መንገድ የተዘጋ ነው።

የግብሩ ምጣኔ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሎ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ በፊት ከግብር ነፃ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነበር፤ አሁን 2,000 ብር ሆኗል። የወር ገቢው በስድስት እርከን ይከፈላል። እስከ 2,000 ብር ያለው ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ነው።

እነዚህ እርከኖች እንደ ደረጃ በደረጃ የተቀመጡ ገንዳዎች ይታዩ። ገንዘቡ መጀመሪያ የታችኛውን ይሞላል፣ የተረፈው ወደ ቀጣዩ ይፈሳል፤ እያንዳንዱ ገንዳ በራሱ ምጣኔ ብቻ ይቆነጠራል። የሠራተኛዋ 15,200 ብር እንዲህ ይከፋፈላል።

የመጀመሪያው 2,000 ብር በ0 በመቶ፦ 0
ቀጣዩ 2,000 ብር በ15 በመቶ፦ 300
ቀጣዩ 3,000 ብር በ20 በመቶ፦ 600
ቀጣዩ 3,000 ብር በ25 በመቶ፦ 750
ቀጣዩ 4,000 ብር በ30 በመቶ፦ 1,200
የቀረው 1,200 ብር በ35 በመቶ፦ 420
የወሩ ግብር፦ 3,270 ብር

በሒሳብ ክፍል ይህ ሁሉ አይጻፍም። የተለመደው አቋራጭ ገቢው የደረሰበትን ከፍተኛ ምጣኔ በሙሉ ገቢው ላይ አባዝቶ ከዚያ አንድ የተወሰነ ቁጥር መቀነስ ነው። ለ15 በመቶ 300፣ ለ20 በመቶ 500፣ ለ25 በመቶ 850፣ ለ30 በመቶ 1,350፣ ለ35 በመቶ 2,050 ብር ይቀነሳል። የሠራተኛዋ ገቢ ከ14,000 ስለሚያልፍ 15,200 በ35 በመቶ 5,320 ይሆናል፤ 2,050 ሲነሳለት 3,270 ይቀራል። ረጅሙና አጭሩ መንገድ አንድ ቦታ ደረሱ።

ተቀናሽ የሚባሉት እነዚህ ቁጥሮች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ከፍተኛው ምጣኔ በሙሉ ገቢው ላይ ሲባዛ የታችኞቹ ገንዳዎች ከሚገባቸው በላይ ተቆንጥረዋል፤ ተቀናሹ ያንን ትርፍ የሚመልስ ነው። ለምሳሌ 15 በመቶ በሙሉ ገቢው ላይ ሲባዛ ነፃ የነበረው 2,000 ብርም 300 ብር ተወስዶበታል፤ 300ው የሚመለሰው ለዚህ ነው። ወደ 20 በመቶ ሲታለፍ ደግሞ የመጀመሪያው 4,000 ብር ተጨማሪ 5 በመቶ፣ ማለትም 200 ብር፣ በትርፍ ተወስዶበታል፤ 300 እና 200 ተደምረው 500 ይሆናሉ። በዚሁ መንገድ የቀሩትንም ማንም ሰው በራሱ እጅ ሊያወጣቸው ይችላል።

ፔሮሉን በኤክሴል ለሚሠራ ሰው አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። አምስቱንም አቋራጮች በአንድ ገቢ ላይ ቢሞክሩ ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። በ5,000 ብር ላይ ሲሞከር ከ15 በመቶው 450፣ ከ20 በመቶው 500፣ ከ25 በመቶው 400 ይወጣል፤ ትክክሉ 500 ነው። ስለዚህ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ረጅም ቀመር ሳይጻፍ፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ በB2 ካለ ይህ መስመር ይበቃል።

```
=MAX(0, B2*15%-300, B2*20%-500, B2*25%-850, B2*30%-1350, B2*35%-2050)
```

ስለ እርከን ሲነሳ ከብዙ ሠራተኛ አፍ የሚሰማ ሥጋት አለ፤ «ትንሽ ጭማሪ አድርገውልኝ ወደ ላይኛው እርከን ገባሁ፣ አሁን ከበፊቱ ያነሰ ሊደርሰኝ ነው» የሚል። ይህ አይሆንም። ግብር የሚከፈልበት 14,000 ብር የነበረው ሰው ግብሩ 2,850 ብር ነው። 100 ብር ተጨምሮለት 14,100 ሲደርስ ግብሩ 2,885 ይሆናል። 35 በመቶው የነካው የተጨመረውን 100 ብር ብቻ ነው። ጭማሪው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ከሆነ 7 ብር ለጡረታ ይሄዳል፣ 35 ብር ለግብር፤ 58 ብር እጅ ይገባል። ከደመወዝ ጭማሪ በኋላ የተጣራ ክፍያው የቀነሰበት ሰው ካለ ምክንያቱ እርከኑ አይደለም፤ ሌላ ተቀናሽ ገብቷል፣ ወይም ስሌቱ ተሳስቷል።

ጡረታና ግብር በሕግ ግዴታ የሆኑ ተቀናሾች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት የተለያየ መነሻ አላቸው። የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ቁጠባና የብድር ክፍያ፣ በከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ውል የገባ ተመራቂ የሚከፍለው ክፍያ፣ በፍርድ ቤት የተወሰነ የልጅ ቀለብ፣ አስቀድሞ የተወሰደ ደመወዝ መመለሻ፣ በአንዳንድ ቦታም የመሥሪያ ቤት ዕድር ከዚህ ይመደባሉ። እነዚህ ሁሉ ግብሩን አይቀንሱም፤ ግብሩ ከተሰላ በኋላ የሚነሱ ናቸው።

አሠሪው ግን እንደፈለገ አይቀንስም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲደነገግ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ መሆኑን ይናገራል። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጎደለ ብሎ በዚያው ወር ከሠራተኛው ላይ መቁረጥ፣ ፊርማም ውሳኔም ሳይኖር፣ ከዚህ ውጭ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ከፍተኛ ደመወዝ ያለው ሰው ግብሩ ብቻውን ከሲሶው ሊያልፍ ስለሚችል፣ ይህ ገደብ በተግባር የሚለካው ከግብርና ከጡረታ ውጭ ባሉት ተቀናሾች ላይ ነው። የሠራተኛዋ ደመወዝ ሲሶ 4,160 ብር ነው። ማኅበሯ ከደመወዟ 1 በመቶ፣ 124 ብር ከ80 ሳንቲም፣ ይወስዳል፤ 600 ብር ትቆጥባለች፤ 1,000 ብር ብድር ትከፍላለች። ድምሩ 1,724 ብር ከ80 ሳንቲም ስለሆነ ከገደቡ በታች ነው።

አሁን መስመሩ እስከ ጫፍ ሊጻፍ ይችላል።

ጠቅላላ ክፍያ፦ 16,700.00
የጡረታ መዋጮ፣ የ12,480 ብር 7 በመቶ፦ 873.60
የገቢ ግብር፣ ከ15,200 ብር ላይ፦ 3,270.00
የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ፦ 124.80
ቁጠባ፦ 600.00
የብድር ክፍያ፦ 1,000.00
የተቀናሾች ድምር፦ 5,868.40
ተጣርቶ የሚከፈል፦ 10,831.60

ከዚህ ውስጥ 600 ብሩ በሠራተኛዋ ስም የተቀመጠ የራሷ ገንዘብ ነው፤ 1,000 ብሩም ቀድማ የተጠቀመችበት ነው። ሁለቱንና የማኅበሩን መዋጮ ወደ ጎን ብናደርጋቸው፣ ግብርና ጡረታ ብቻ ተነሥተው የሚቀረው 12,556 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። የሁለት ሰዎች የተጣራ ክፍያ ሲወዳደር መታየት ያለበት ይኸኛው ቁጥር ነው፤ አንዱ ስለሚቆጥብ ብቻ ያነሰ የሚከፈለው ሊመስል ይችላልና።

የተሳሳተ ፔሮል ብዙ ጊዜ በስሕተቱ መጠን ራሱን ያጋልጣል። ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ካወቁ ምን እንደተደረገ ማወቅ ይቻላል። የሠራተኛዋ ግብር 3,820 ብር ሆኖ ቢመጣ ብልጫው 550 ብር ነው፤ ይህ በቀድሞው የግብር ሰንጠረዥ የተሠራ ፔሮል ምልክት ነው። በቀድሞው ሰንጠረዥ ለ35 በመቶ የሚቀነሰው 1,500 ብር ስለነበረ፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢው ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ማንኛውም ሰው በዚህ ስሕተት በየወሩ የሚያጣው እኩል 550 ብር ነው። ግብሩ 2,964 ብር ከ24 ሳንቲም ሆኖ ከመጣ ደግሞ በ305 ብር ከ76 ሳንቲም አንሷል፤ ይህም የጡረታው 873 ብር ከ60 ሳንቲም 35 በመቶ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ጡረታውን ከግብሩ በፊት ቀንሷል። ሠራተኛዋ በጊዜው የተጠቀመች ትመስላለች፤ ነገር ግን ግብሩን ቀንሶ የማስቀረት ኃላፊነት የአሠሪው ስለሆነ ድርጅቱ በኦዲት ወቅት ጉድለቱን ከነቅጣቱ ይጠየቃል። የጡረታው መስመር 1,169 ብር ከሆነ ደግሞ 7 በመቶው ከመደበኛው ደመወዝ ሳይሆን ከጠቅላላው 16,700 ብር ላይ ተወስዷል።

የትርፍ ሰዓት ስሕተት እንደነዚህ በቀላሉ አይታይም። ፔሮሉ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ብሩ ብቻ ነው፤ ሰዓቱና ምጣኔው አይጻፍም። 720 ብር ሲታይ 8 ሰዓት በ90 ብር ይሁን 12 ሰዓት በ60 ብር አይለይም። ሁለተኛው ከሆነ ሠራተኛዋ ያለ ምንም ጭማሪ በመደበኛ ዋጋ ብቻ ተከፍሏታል፤ 12 ሰዓት ሠርታ ከነበረ 1,080 ብር ይገባት ነበር። ያመሹበትን ቀንና ሰዓት በራስ ማስታወሻ መያዝ ይህን ለማጣራት ያለው ዋነኛ መንገድ ነው።

ሕጉ ሠራተኛውን በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አልተወውም። አሠሪው ያልተጣራውን ክፍያና የተሰላበትን መንገድ፣ የተቀናሾችን ዓይነትና መጠን፣ የተጣራውንም ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛው ሲጠይቅም መዝገቡን ሊያሳየውና በውስጡ የተጻፈውን ሊያስረዳው ይገባል። ሠራተኛው ሳይቃወም ፈርሞ መቀበሉ የቀረውን የመጠየቅ መብቱን አያሳጣውም። «ፈርመሃል፣ አልቋል» የሚለው የተለመደ መልስ በሕግ ፊት አይጸናም።

እስካሁን ስሌቱ የሄደው ከላይ ወደ ታች ነው። በቅጥር ድርድር ላይ ግን አንዳንዴ በተቃራኒው ይመጣል፤ ተቀጣሪው «እጄ ላይ 15,000 ብር ይግባ» ይላል፣ አሠሪውም ይስማማል፤ ውሉ ላይ የሚጻፈው ያልተጣራ ደመወዝ ስንት መሆን እንዳለበት ግን ሁለቱም አያውቁም። አበል የሌለበት ደመወዝ ሆኖ ከ14,000 ብር በላይ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። ከእያንዳንዱ 100 ብር 7 ለጡረታ፣ 35 ለግብር ይሄዳል፤ 58 ይቀራል። በዚህ ላይ ተቀናሹ 2,050 ብር ይመለሳል። ስለዚህ የተጣራው ክፍያ የደመወዙ 58 በመቶና 2,050 ብር ነው። ወደ ኋላ ለመመለስ ከሚፈለገው 15,000 ብር ላይ 2,050 ይነሣል፤ 12,950 ይቀራል፤ ይህ ለ0.58 ሲካፈል 22,327 ብር ከ59 ሳንቲም ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጡረታው 1,562 ብር ከ93 ሳንቲም፣ ግብሩ 5,764 ብር ከ66 ሳንቲም፣ ሁለቱ ሲነሡ 15,000 ብር ይቀራል። የአሠሪው 11 በመቶ፣ 2,456 ብር ከ3 ሳንቲም፣ ሲጨመር ድርጅቱን በየወሩ የሚያስወጣው 24,783 ብር ከ62 ሳንቲም ነው።

ይህ አቋራጭ የሚሠራው የተጣራው ክፍያ ከ10,170 ብር በላይ ሲሆን ነው፤ 14,000 ብር ደመወዝ ግብርና ጡረታ ሲነሣለት የሚቀረው ይህ ነውና። ከዚያ በታች ላለ ደመወዝ ምጣኔውና ተቀናሹ ይለወጣሉ። በ30 በመቶ እርከን ውስጥ የሚቀረው 63 በመቶ፣ የሚመለሰውም 1,350 ብር ነው። 9,000 ብር እጁ እንዲገባ ለሚፈልግ ሰው 7,650 ለ0.63 ይካፈላል፤ በውሉ ላይ የሚጻፈው ደመወዝ 12,142 ብር ከ86 ሳንቲም ይሆናል።